በቦርከና ዳር የተጣመመው በርበሬ

በነሐሴ መጨረሻ በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር ወዳለ የበርበሬ ማሳ ለሙያ ድጋፍ ተጠርቼ ነበር። ባለቤቱ አዛውንት «ልጄ፣ ቫይረስ ነው ብለውኛል፤ ነቅዬ ልጥለው ነው» አሉኝ። ቅጠሉ በርግጥ ክፉኛ ተጠቅልሏል።

ሙቀት የጠቀለለው ይሆናል የሚለውን ግምት ወዲያው ተውኩት። በሙቀት የሚጠቀለል ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ቀትር ላይ ወደ ላይ ታጥፎ ማታ ሲቀዘቅዝ ይዘረጋል፤ ይህ ግን በክረምት፣ ያውም በማለዳ የተጠመዘዘ ነበር። ማይት የሚባለውን ደቂቅ ተባይ መለየት ከዚህ ይከብዳል፤ በርበሬን የሚያጠቃው ዋነኛው ማይት ርዝመቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ ጉዳቱም ተባዩ ከሞተ በኋላ ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ለጋዎቹን ቅጠሎች ገልብጬ በማጉያ መነጽር ከማየቴም በላይ ሌላ ምልክቱን ፈለግሁ፤ ማይት ያጠቃው ቅጠል ጀርባው ነሐስ ይመስላል፣ ፍሬውም ይሻክራል። የዚህ ጀርባ አረንጓዴ ነበር፤ ማይትም አላገኘሁም።

ነገሩን የፈታው አረሙ ነው። በመስመሮቹ መካከል የበቀለው አሉማ እንደ በርበሬው ተጠማዝዞ ሳለ፣ አጠገቡ ያለው ሰርዶ ምንም አልሆነም። የበርበሬ ቫይረስ እንዲህ በአንድ ጊዜ አረሙን ሁሉ አያጣምምም፤ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ለይቶ የሚጎዳ ቱፎርዲን የመሰለ ፀረ አረም ግን እንዲህ ያደርጋል። የበርበሬው ቅጠልም እንደ ጥብጣብ ጠብቦ ጅማቶቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከላይ ያለውን፣ ቱፎርዲ የተረጨውን የጎረቤት ጤፍ ነው። ነገር ግን ከዚያ በነፋስ የመጣ ቢሆን ጉዳቱ በድንበሩ በኩል በርትቶ ወደ ውስጥ እየቀለለ በሄደ ነበር። እዚህ ግን ከሁሉ የከፋው በመንገዱ በኩል ያሉት መስመሮች ሲሆኑ ቀጣዮቹ ደረጃ በደረጃ ቀለል ይሉ ነበር።

«አባባ፣ ፀረ ተባዩን ከየት ጀምረው ረጩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከመንገዱ በኩል። መርጫውን ከጎረቤት ተውሼ።»

መርጫው ጤፍ የተረጨበት ነበር፤ በውኃ ብቻ ለቅለቅ ተደርጎ ስለተሰጣቸው በቱቦውና በማጣሪያው ውስጥ የቀረው ቱፎርዲ ከመጀመሪያው ሙሌት ጋር ወጥቶ፣ በየሙሌቱ እየሳሳ ሄዷል።

እንዳይነቅሉት ነገርኳቸው፤ የተጣመመው ቅጠል አይቃናም፣ ፍርዱ ያለው ከዚያ በኋላ በሚወጣው ለጋ ላይ ነው። ያን ጊዜ የያዘውን ፍሬ ግን ቱፎርዲ ለበርበሬ የሚፈቀድ ስላልሆነ ለቅመው እንዲጥሉት አደረግሁ። ከታችኛው ጥግ ብቻ፣ ቅጠላቸው ቢጫና አረንጓዴ የተዥጎረጎረባቸውን ጥቂት ተክሎች አስነቅያለሁ፤ እነዚያ በክሽክሽ የሚዛመት ቫይረስ የያዛቸው ይመስሉ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ስመለስ የኋለኞቹ መስመሮች ጠፍጣፋ ለጋ አውጥተዋል፤ በመንገዱ በኩል ያሉት የመጀመሪያዎቹ ግን እንደተጣመሙ ቀርተው በቦታቸው ሽንኩርት ተተክቷል።