ሽሮው ወደ ውስጥም ገብቷል

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ ሽሮ ቤት ጠሩኝ። ምድጃው ባለ ሦስት በርነር ነው። የመሃሉ እሳት ደክሞ ቢጫ ሆኗል፤ ድስቶቹ ሁሉ ጥቀርሻ ለብሰዋል። ባለቤቱ ሲሊንደር ቀይሯል። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ ደግሞ አዲስ ሬጉሌተር ገጥሞ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። እሳቱ ግን ያው ነው።

የዳርና የዳሩን ለኮስኩ። ሁለቱም ሰማያዊ፣ ቀጥ ያለ እሳት ሰጡኝ። ሦስቱም ጋዝ የሚያገኙት በአንድ ሬጉሌተር ነው። ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ሦስቱም ይደክሙ ነበር። ይህን ለማወቅ አንድ ክብሪት ይበቃል። ያ ሰው ሳያይ ዕቃ መሸጡ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ወጥ ሠሪዋ ትልቅ ሴት ናቸው። ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ሽሮው ከገነፈለበት ቀን ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። ወደ ውስጥም ገብቷል።»

«እሺ እማማ፣ አየዋለሁ» አልኳቸው። ልብ ያልኩት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘጋሁ። በርነሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን አነሳሁ። ከዙሪያው ቀዳዳዎች ግማሽ ያህሉ በደረቀ ሽሮ ተደፍነዋል። በሙቅ ውሃና ሳሙና ዘፈዘፍኩት፣ አንድ በአንድ በስቴኪኒ ጠረግኩ፣ በደንብ አድርቄ መለስኩት። እሳቱ ጉልበት አገኘ። ጫፉ ግን አሁንም ቢጫ!

«ወደ ውስጥም ገብቷል» ያሉት ያኔ ትዝ አለኝ።

ጋዝ ከታች ካለችው የናስ ቀዳዳ በኃይል ሲወጣ ከጎኑ አየር እየሳበ ይሄዳል። ሁለቱ ቱቦው ውስጥ ተቀላቅለው ነው ላይ የሚነዱት። የላዩ ቀዳዳ ሲደፈን ድብልቁ መውጫ ስለሚያጣ የሚሳበው አየር ይቀንሳል። አየር መግቢያው ራሱ ከተዘጋ ደግሞ ላዩን ብቻ ማጽዳት አይበቃም። ቢጫ ሆኖ የሚታየው የጋለ ጥቀርሻ ነው። አየር ካነሰው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድም ሊወጣ ይችላል፤ እሱ ሽታ የለውም። እኚህ ሴት ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚያ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ናቸው።

እንደገና ዘግቼ በርነሩን ነቀልኩት። አየር መግቢያው በሽሮ፣ በዘይትና በአቧራ ተለጥፏል። ቱቦውን በጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ፈትጌ አደረቅኩ። የናሷን ቀዳዳ አልነካኋትም፤ ሽቦ ገብቶባት ትንሽ እንኳ ከሰፋች ጋዙ በዝቶ ቢጫው ይብሳል። ስለኩሰው ሰማያዊ ሆነ።

ባለቤቱ እኔን አመሰገነ። ለካ ሴትዮዋን «ድስት በደንብ አትፈትጊም» እያለ ሲቆጣቸው ነው የከረመው። «ያገኙት እሳቸው ናቸው» አልኩት። ዝም አለ።

እሳቸው የታጠበ ድስት ጣዱ። ውሃው ሲፈላ አነሱትና ቂጡን በነጭ ጨርቅ ጠረጉ። ጨርቁን ዘርግተው ባለቤቱ ፊት ያዙት። ነጭ ነበር።