ሁለት መዝገብ ላይ የተጻፈች ጠዋት

ነገሩ የሆነው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፊለር ላይ፣ ማለትም ጠርሙስ የሚሞላው ማሽን ላይ አራት ዓመት የሠራ ልጅ የሺፍት ሱፐርቫይዘር ሆኖ ተሾመ። በሥሩ 11 ሰው አለ። አብዛኞቹ እስከ ትናንት ድረስ በአንድ ሰርቪስ አብረውት የሚመጡ፣ ምሳ አብረውት የሚቆርሱ፣ በየወሩ ዕቁብ የሚጥሉ ናቸው። አንደኛው ደግሞ የልብ ጓደኛው ነው፤ ጠርሙሱን በስድስት በስድስት የሚጠቀልለው ሽሪንክ ማሽን ላይ ይሠራል።

በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛው ሰርቪስ አመለጠው። የጠዋቱ ሺፍት የሚጀምረው 12 ሰዓት ላይ ነው፤ እሱ የደረሰው 12 ሰዓት ከ25 ላይ። ሱፐርቫይዘሩ የፊርማ ወረቀቱን ክፍት አድርጎ ጠበቀው፤ ሲመጣ «12:00» ብሎ ጻፈለትና አስፈረመው። ክፋት አልነበረበትም፤ ከመሾሙ በፊት እርስ በርሳቸው እንዲህ ሲሸፋፈኑ ነው የኖሩት። በእነዚያ 25 ደቂቃዎች ግን ሽሪንኩ ጋ ሰው ስላልነበረ ጠርሙስ ማመላለሻው ላይ መጨናነቅ ጀመረ። ያኔ መለያ ወረቀት የምትለጥፈው ልጅ ከራሷ ማሽን ወደ ሽሪንኩ እየተመላለሰች ሁለቱን ቦታ ሸፈነች።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ይህችው ልጅ 15 ደቂቃ አረፈደች። በዚያን ቀን የምርት ሥራ አስኪያጁ መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ደንገጥ አለና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት።

ልጅቷ አልጮኸችም፤ በር ላይ ወዳሉት ጥበቃዎች ሄደች። በብዙ ፋብሪካ እንዳለው ሁሉ እዚያም ጥበቃው የራሱ መዝገብ አለው፤ የገባውን ሰው ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ሰዓት ይይዛል። የጓደኛውን ቀን አስፈልጋ አገኘች፤ መዝገቡ 12:25 ይላል። ይህንን ይዛ የሠራተኛ ማኅበሩን ተወካይ፣ ከዚያም የሰው ሀብት ክፍሉን አነጋገረች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የእሱ ጠዋትና የእኔ ጠዋት በምን ይለያል?»

ውጭ ላለ ሰው ነገሩ የደቂቃ ክርክር ይመስላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ፣ ስለዚሁም በጽሑፍ የተጠነቀቀ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ አንዱ ሲያረፍድ መጻፉ፣ ሌላው ሲያረፍድ መታለፉ ወደፊት እንጀራ ላይ ይደርሳል። ለጓደኛው የዋለው ውለታ ከራሱ ኪስ የወጣ አልነበረም። የከፈለችው ያን ጠዋት ሁለት ማሽን የሸፈነችው ልጅ ናት።

እሱ መጀመሪያ ያሰበው ቀላሉን መንገድ ነው፤ የእሷን ማስጠንቀቂያ ቀዶ መጣልና ነገሩን በሽምግልና መዝጋት። ብዙ አዲስ ሱፐርቫይዘር እዚህ ላይ ይሳሳታል። የተሳሳተ መዝገብ ላይ የጠፋ ወረቀት ሲጨመርበት አንዱ ጥፋት ሁለት ይሆናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ያስደረገችው ሌላ ነው። በፊርማው ወረቀት ላይ «12:00» የሚለውን ቁጥር ከሥር እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ሰረዘው፤ ከጎኑ 12:25 ብሎ ጻፈ፤ ያስተካከለበትን ቀን አኑሮ ፈረመበት። ቀጥሎ ስለ ራሱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈ፦ መቼ፣ ምን ጻፍኩ፣ እውነቱ ምን ነበር፤ ሰበብ የሌለበት። ለልጅቷና ለጓደኛው አንድ ዓይነት እርምጃ ተወሰደ። የፋብሪካው ልማድ ለመጀመሪያ ጊዜ የቃል ማሳሰቢያ ስለሆነ የእሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወደ ቃል ወረደ፤ የጓደኛውም ባዶ ቦታ በቃል ማሳሰቢያ ተሞላ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ለሱፐርቫይዘሩ ሆነ፤ የሐሰት ሰዓት የጻፈው እሱ ነዋ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጓደኛውን ማናገር ነበረበት። ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ ኖሮ ጓደኝነቱም ሥራውም አብሮ ይበላሽ ነበር። ከሺፍት በኋላ፣ ከግቢ ውጭ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር አገኘውና ባጭሩ ነገረው፦ «ያን ቀን በ25 ገብተህ በ12 ጻፍኩልህ። ነገ አስተካክለዋለሁ። ከእኔ ስማው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ለዚህ ነው የሾሙህ?» አለው ጓደኛው።

እዚህ ላይ «ከላይ አስገድደውኝ ነው» ማለት ምላስ ላይ ይመጣል። ብዙዎች ይሉታል። የሳምንት ሰላም ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጓደኛው የሚከራከረው ከላዩ ካሉት ጋር ይሆናል፣ እሱ መልእክተኛ ሆኖ ይቀራል። ይህ ልጅ ዝም አለ። ጓደኛው ለአሥር ቀን ያህል ከሰላምታ በቀር አላናገረውም። ያንን ዝምታ ለማሳጠር ተጨማሪ ነገር መስጠት፣ ሻይ መጋበዝ፣ ቀላል ሥራ መመደብ፣ የመጀመሪያውን ስህተት ዞሮ መድገም ነው።

መዝገቡ ሲስተካከል ግን ሌላ ነገር ተገለጠ። ኃላፊዋ የኦቨርታይም ቅጾቹንም አብራ አየቻቸው።

ኦቨርታይም በፋብሪካ ውስጥ ገንዘብ ነው፤ አድልዎ ቶሎ የሚታየውም እዚያ ነው። የሌሊቱ ሺፍት ከማታው 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ነው። አንድ ሰው ሲቀር ስምንቱ ሰዓት ለሁለት ይከፈላል፤ ከማታው ሺፍት አንድ ሰው አራት ሰዓት ይቆያል፣ ከጠዋቱ ሺፍት አንድ ሰው አራት ሰዓት ቀድሞ ይገባል። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ስለሚገድበው ነው ለሁለት የሚከፈለው። ክፍያው በሌሊት 1.75 እጥፍ ነው። በወር 6,240 ብር የሚያገኝ ሰው በ208 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 30 ብር ይደርሰዋል፤ የሌሊት አራት ሰዓት 210 ብር ይሆናል ማለት ነው። በሳምንት ሦስቴ የተጠራ ሰው በአራት ሳምንት 2,520 ብር ይጨምራል፤ ከደመወዙ አርባ በመቶ። የቤት ኪራይ ነው ይህ።

በስምንት ሳምንት ውስጥ 26 ተራ ነበር። 11ዱን የወሰደው ጓደኛው ነው። ሁለት ሰዎች አንድም አልደረሳቸውም። ሱፐርቫይዘሩ ቁጥሩን ሲያይ ራሱም ደነገጠ፤ አስቦ ያደላ አልመሰለውም ነበር፣ እውነትም አስቦ አላደላም። ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ «ዛሬ ሌሊት አንድ ሰው ቀርቷል» ሲባል ቶሎ እሺ ወደሚለው ሰው ሄደ እንጂ። እሺ የሚለው ደግሞ ወዳጅ ነው። ዜሮ ከሆኑት ሁለቱ አንደኛዋ አንድ ቀን እናቷ ታመው እምቢ ብላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጠየቃት የለም። ሌላው አዲስ ገቢ ነው፤ «ገና ነው» እየተባለ ታለፈ። አድልዎ የሚበቅለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከጥላቻ ሳይሆን ከጥድፊያ።

ያበጀው መፍትሔ አንድ ወረቀት ነው፤ የሻይ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የሁሉም ስም ይደረደራል፤ ከስሙ ቀጥሎ እስካሁን የሠራው ትርፍ ሰዓት ድምር ይጻፋል። ቀድሞ የሚጠየቀው ድምሩ ያነሰው ሰው ነው። እምቢ ያለ ሰው አራት ሰዓት እንደ ሠራ ተቆጥሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህ ካልሆነ ያው ሰው በየቀኑ እየተጠየቀ፣ በየቀኑ እምቢ እያለ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። የተነገረው ሥራው ሊጀምር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሲቀረው ከሆነ ግን እምቢታው አይቆጠርበትም። ልጅ ከሞግዚት የሚቀበል፣ ማታ ትምህርት ያለው ሰው አለ፤ በግማሽ ሰዓት ማስጠንቀቂያ «ተራህ አመለጠህ» ማለት ግፍ ነው።

ወረቀቱ የማይፈታው አንድ ችግር ነበር። የቀረው ሰው የፊለሩ ከሆነ ፊለር የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚተካው፤ ከ11ዱ የሚያውቁት ሦስት ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ሁልጊዜ ከሌላው በላይ ያገኛሉ፤ ማድላት ባይሆንም ማድላት ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ከስማቸው ጎን «ፊለር» ተብሎ ምክንያቱ እንዲጻፍ አደረገ። ሁለት ሰው ደግሞ በሥራ ሰዓት ከማሽኑ አጠገብ ቆመው መልመድ ጀመሩ፤ አንዱ ያ አዲስ ገቢው ልጅ ነው። ሲለምዱ ዝርዝሩ ራሱ ይስተካከላል። በነገራችን ላይ ስለ አድልዎ ከሚቀርበው አቤቱታ አንዳንዱ እንዲህ ያለ የሙያ ጉድለት ነው፤ የሚፈታውም በምክር ሳይሆን በሥልጠና ነው።

ከዚህ ወዲህ አንድ ጊዜ ሚዛኑ ወደዚያኛው ወገን አጋደለ። ጓደኛው የወሰደው 11 ተራ ተቆጥሮ ከዝርዝሩ መጨረሻ ወረደ፤ ይህ ትክክል ነው። ሱፐርቫይዘሩ ግን ሰው እንዳያማው ብሎ ሌላ ጨመረበት፤ የቆሻሻ ማስወገዱንና የፓሌት ማንሳቱን ሥራ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ለእሱ መደበ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ራሷ ልጅቷ ናት መጥታ «ኧረ የእሱስ በዛ» ያለችው። የፓሌት ሥራውም በወረቀት ተራ ገባ።

ዕቁቡ ይቀራል። የዕቁቡ ሰብሳቢ እሱ ነበር፤ ስድስት ዓመት የዘለቀ ዕቁብ። የኦቨርታይም ቅጽ የሚፈርም ሰው ከዚያው ሠራተኛ ላይ ገንዘብ ሲሰበስብ፣ መክፈል ያቃተው ሰው ተራ ቢጠይቀው ምን ሊል ነው? ቢሰጠው ዕቁቡን ለማስከፈል ሰጠ ይባላል፤ ቢከለክለው በቂም ከለከለ። አባልነቱን አልተወም፤ ደብተሩን ግን ለሌላ ሰው አስረከበ። ምሳም አብሯቸው ይበላል፤ ቶሎ ጨርሶ ይነሳል፤ ከተነሳ በኋላ ስለ እሱ እንደሚወራ ያውቃል።

ዕቁቡን የተረከበው ጓደኛው ነው። በመጀመሪያው ቀን ደብተሩን ከፍቶ ከሱፐርቫይዘሩ ስም ትይዩ የዘገየበትን ቀን በቀይ ጻፈበት።