ከቦርዱ ስብሰባ አምስት ሰዓት በፊት ያገኘሁት 300 ቶን

ተለማማጅ ሆናችሁ በገባችሁበት መሥሪያ ቤት የቦርድ ሰነድ ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር ብታገኙ ምን እንደምታደርጉ የሚነግራችሁ የለም። ለእኔም የነገረኝ አልነበረም። በትምህርት ቤት የተሰጠን መመሪያ «አስተያየት ካላችሁ በሳምንታዊ ሪፖርታችሁ ለቅርብ ኃላፊያችሁ አቅርቡ» ይላል። ስብሰባው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ሳምንታዊ ሪፖርት ምን ይሠራል? ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ አክሲዮን ማኅበር የሒሳብ ክፍል የገጠመኝን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለሚገቡት ነው።

ወሩ ጥር ነበር። ለቀማው እየተገባደደ፣ መጋዘኑ እየሞላ የሚሄድበት ጊዜ ነው። የቦርድ አባላቱ ከአዲስ አበባ ገብተው አድረዋል፤ ስብሰባው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስላይዶቹን አትሜ እንድጠርዝ ተሰጠኝ። ቅደም ተከተላቸውን እያየሁ ሳለ ገጽ 4 ላይ «ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ክምችት፦ 300 ቶን» ይላል። ገጽ 9 ላይ ደግሞ «በመጋዘን የሚገኘውን 240 ቶን ጀንፈል ለመቀሸር» የነዳጅና የመለዋወጫ በጀት ይጠየቃል። ገና ያልተቀሸረ 240 ቶን ካለ፣ ተዘጋጀ የተባለው 300 ቶን ከየት መጣ?

ጀንፈል ቀዩ እሸት ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚመጣው ቡና ነው። መቀሸሪያ ማሽን ውስጥ ሲገባ ገለፈቱ ይለይና ክብደቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ከ10 ፈረሱላ ጀንፈል 5 ፈረሱላ ገደማ ንጹህ ቡና ይገኛል። ይህን በጅማ ዙሪያ ቡና ያላት ቤት ሁሉ ታውቃለች። ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም። የክምችት ሰንጠረዡን ስከፍት ከጠቅላላ ድምሩ ጀርባ ያገኘሁት ይህ ነበር፦

```
=SUM(C4:C9)
```

በእነዚያ ስድስት ረድፎች ውስጥ 60 ቶኑ የተቀሸረ ቡና ነው፤ 240 ቶኑ ጀንፈል ነው። ሁለቱም በኪሎ ስለተጻፉ እንደ አንድ ዕቃ ተደምረዋል። አጠገቡ ባለው ዓምድ D ለንጹሁ 1፣ ለጀንፈሉ 0.5 ቢጻፍና ድምሩ እንዲህ ቢሠራ ኖሮ 180 ቶን ይመጣ ነበር፦

```
=SUMPRODUCT(C4:C9,D4:D9)
```

ለማንም ከመናገሬ በፊት ግን ወደ መጋዘን ሄድኩ። መመሪያው የሚለው ወደ ኃላፊ ሂዱ ነው፤ እኔ መጀመሪያ ወደ መጋዘን ጠባቂው ሂዱ እላለሁ። ዕቃውን በዓይኑ የሚያየው እሱ ነው። ጋሼ በየክምሩ ላይ በሲባጎ የተንጠለጠሉትን ቢን ካርዶች አንድ በአንድ ገልብጠው አሳዩኝ። በእያንዳንዱ ካርድ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጀንፈል» ወይም «ቅሽር» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ጀንፈል ከክምሩ አንስተው በጥፍራቸው ሰነጠቁና ሁለቱን ፍሬ በመዳፌ ላይ አኖሩልኝ፤ ገለፈቱን አራገፉት። «ይህን ነው ወደ ውጭ የምትልኩት?» አሉኝ። የካርዶቹን ድምር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ አስፈረምኳቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ወረቀቱን ሳያነቡ «ሰነዱ ጸድቋል» አሉኝ። ገጽ 4ን እና ገጽ 9ን ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋቸው። «ድምሩ ልክ ነው፤ 60 እና 240 ስንት ነው?» አሉ። 300 ነው አልኩ። «ታዲያ?» አሉና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። ያናደደኝ ይህ ነው፤ በአንድ በኩል እውነት ተናግረዋል። መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ ቢመዘን 300 ቶን ይሞላል። ሐሰቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን «ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ» የሚለው ስሙ ላይ ነው። መዝገቡ በሒሳብ ይመዛዘናል፤ ኦዲተርም ቢመጣ ኪሎውን ቆጥሮ ልክ ነው ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ስህተት ከመደመር ስህተት ይልቅ የሚከፋው ሁልጊዜ የሚከላከልለት ሰው ስለማያጣ ነው።

እኔም ስለ ቶን መከራከሩን ተውኩና ገጽ 6ን ገለጥኩ። ቦርዱ በዚያ ቀን እንዲያጸድቅ የቀረበለት የ12 ኮንቴይነር የሽያጭ ውል ነው። በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ ይጫናል፤ 19.2 ቶን ማለት ነው። 12 ኮንቴይነር 230.4 ቶን ይፈልጋል። በ300 ቶን ሒሳብ ቡናው ተርፎ ይቀራል። በ180 ቶን ሒሳብ ግን 9 ኮንቴይነር ሞልተን 3ቱን ከገበያ ገዝተን መሙላት አለብን፤ ያውም በዚያን ጊዜ ዋጋ። «አቶ እንቶኔ፣ ውሉ ቢፈረም ሦስቱን ከየት እናመጣለን?» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። «አንቺ የመጣሽው ልትማሪ ነው። ከስብሰባው በኋላ እናየዋለን» አሉኝ። ከስብሰባው በኋላ! ውሉ ከተፈረመ በኋላ ምኑን ነው የምናየው? ሰዎች ጥፋት ሊሆን ያለውን ነገር «በኋላ» በሚል ቃል ሲያሳልፉት ያኔ አየሁ፤ ያን ያህል በእርጋታ መናገራቸውን ዛሬም ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ሰነዱን ራሴ ማስተካከል እችል ነበር፤ ፋይሉ በእጄ ነው። አላደረግሁትም፣ እናንተም አታድርጉት። ማንም ሳያውቅ የተለወጠ ቁጥር፣ ትክክል ቢሆን እንኳን፣ በማግስቱ ማጭበርበር ይባላል። ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣሁ። ጸሐፊዋ እትዬ «ያለ ቀጠሮ» ብለው ጀመሩና ወረቀቱ ላይ የጋሼን ፊርማ ሲያዩ ዝም ብለው በሩን ከፈቱልኝ። ለሥራ አስኪያጁ የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «12 ኮንቴይነር ልንፈርም ነው፤ ቡናው ከ9 አይበልጥም።» ስልክ አንስተው መጋዘን ደወሉ። ሁለት ጥያቄ ጠየቁ፣ ዘጉ፣ የሒሳብ ኃላፊውን አስጠሩ።

አዲሱ ገጽ ላይ «180 ቶን» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ ለመንኩ። ግማሽ የሚለው ግምት ነው፤ እርጥበቱ በደንብ ያልወጣለት ወይም በለቀማ ጊዜ ያልበሰለ የተቀላቀለበት ጀንፈል ከዚያ ያነሰ ይሰጣል። ከተቀሸረ በኋላም በማበጠርና በእጅ በመልቀም ለውጭ ገበያ የማይበቃው ይወጣል፤ እሱ ለሀገር ውስጥ ገበያ ይሄዳል። ስለዚህ «የተቀሸረ 60 ቶን፤ ያልተቀሸረ ጀንፈል 240 ቶን፣ ሲቀሸር እስከ 120 ቶን የሚገመት» ተብሎ በሁለት መስመር ተለይቶ ገባ። ሰነዶቹን ጠርዤ የጨረስኩት አባላቱ ምሳ በልተው ሲመለሱ ነው።

ቦርዱ የ8 ኮንቴይነር ውል አጸደቀ፤ ቀሪው ጀንፈሉ ተቀሽሮ ከተመዘነ በኋላ እንዲታይ አለ። የሒሳብ ኃላፊው ገጽ 4ን ሲያቀርቡ «በመጨረሻው ማጣራታችን ያስተካከልነው» ብለው ነው የጀመሩት። በልምምድ መመዘኛ ቅጼ ላይ ደግሞ «የሥራ ተዋረድን ማክበር» በሚለው ረድፍ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጡኝ። ቅጹን በፊርማዬ ተቀበልኩ፤ ጋሼ የፈረሙበትን ወረቀት ቅጂ ከኋላው አያይዤ ለትምህርት ክፍሌ አስገባሁ።