የበዓል ማስታወቂያችን አንድ ቀን ቀድሞ የወጣበት ዓመት

የአንድ የማርያም ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት የቴሌግራም ቻናል ላይ የሚወጡትን መልእክቶች ቀንና ሰዓት የምመድበው እኔ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. ለኅዳር ጽዮን በዓል ስዘጋጅ፣ በ2015 ሠንጠረዥ ላይ የነበረውን «ኖቬምበር 29፣ ምሽት» የሚል ረድፍ እንዳለ ገልብጬ መልእክቱን አስቀድሜ ቀጠርሁት። መልእክቱም «ነገ የእመቤታችን ክብረ በዓል ስለሆነ ዛሬ ሌሊት ማኅሌት ይቆማል» ይል ነበር። በዚያ ዓመት ግን ያ ምሽት ኅዳር 20 ሳይሆን ኅዳር 19 ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው የመጡ እናቶች በሩን ዝግ አግኝተው በብርድ ቆሙ። ከእነርሱ አንዷ በማግስቱ፣ «ልጄ፣ ስልኩን የምታነብልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እናንተ ነገ ነው ካላችሁ ለእኔ ነገ ነው» ብለው ነገሩኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስሕተቱ የመጣው ከጳጉሜን ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆነችና የ2016 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ፈንታ በ12 ዋለ፤ ይህም የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት 21፣ ማለትም እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ይቀጥልና ከየካቲት 22 ጀምሮ ይስተካከላል። ስለዚህ እንደ 2016 ባለ ዘመነ ዮሐንስ መስቀል፣ ኅዳር ጽዮን፣ ቁልቢ ገብርኤል፣ ጥምቀትም ሁሉ ስልኩ ላይ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋሉ። ልደት ግን በተቃራኒው ነው፤ በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር በስልኩ ያው ጃንዋሪ 7 ሆኖ ይቀራል። አንዱን ሕግ ለሁሉም በዓል መጫን የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ሠራሁት። የመጀመሪያው ዓምድ የኢትዮጵያ ቀን፣ ሁለተኛው የሳምንቱ ዕለት ሲሆን፣ የስልኩ ቀን የሚጻፈው በሦስተኛው ላይ፣ ያውም በየዓመቱ አዲስ ተሰልቶ ነው። የሳምንቱ ዕለት ከግድግዳው የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር ጋር ካልተስማማ ረድፉ አይጸድቅም። በ2016 ኅዳር 21 ዓርብ ሲሆን፣ የእኔ መልእክት «ነገ» ያለው ኖቬምበር 30 ሐሙስ ነበርና ይህ ዓምድ ቢኖር ኖሮ ስሕተቱ ወዲያው ይታየኝ ነበር።

ሰዓቱም የራሱ ወጥመድ አለው። ስልኩ አዲስ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን ግን በዓሉ በዋዜማው ምሽት ገብቷል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚጀምር የኅዳር 21 ማኅሌት በስልኩ የዚያው ቀን 01:00 ነው፤ ጥሪው ግን በስልኩም በእኛም ኅዳር 20 ላይ መውጣት አለበት። ማስታወቂያውን አሁን የምቀጥረው በዋዜማው ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በስልኩ 16:00 ላይ ነው፤ ሌሊት የሚነሣ ሰው በጊዜ ይተኛልና ከዚያ ከዘገየ አያየውም። ዋሽንግተን ላሉት አባሎቻችን ያ ሰዓት በክረምታቸው ጠዋት 2 ሰዓት ስለሆነ ለእነርሱም ይመቻል።

ሁለተኛው ስሕተቴ የረቡዕና የዓርብ የጾም ማሳሰቢያ ላይ ደረሰ። ለብዙ ሳምንታት አስቀድሜ ስለ ቀጠርሁት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ረቡዕ «ዛሬ የጾም ቀን ነው» ብሎ ወጣ። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾሙ አውቃለሁ፤ ስቀጥረው ግን የማስበው ስለ ሳምንቱ ዕለት ብቻ ነበር። ልደትና ጥምቀት በረቡዕ ወይም በዓርብ ሲውሉም እንዲሁ ነው፤ ለምሳሌ የ2018 ልደት ረቡዕ ስለ ዋለ የዚያን ዕለት ማሳሰቢያ ማስቀረት ነበረብን። ቴሌግራም በአንድ ቻናል እስከ 100 የተቀጠሩ መልእክቶችን ይይዛል፤ እኔ ግን ሳምንታዊውን ከአንድ ወር በላይ አስቀድሜ አልቀጥርም። ነነዌና ዐቢይ ጾምን የመሳሰሉትን ደግሞ በባሕረ ሐሳብ የተሰላው የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ከታወጀ በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ ሠንጠረዡ አስገባቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ሰባቱንም የጸሎት ጊዜያት እንልክ ነበር። መንፈቀ ሌሊት ላይ ስልኩ ሲጮህ ብዙዎች የቻናሉን ድምፅ ዘጉት፤ በዚህም የበዓል ጥሪው ጭምር ሳይሰማ ይቀር ጀመር። አሁን የምንልከው የነግህንና የሠርክን ብቻ ነው፤ እነርሱንም «Send Without Sound» በሚለው ምርጫ ያለ ድምፅ እንልካቸዋለን። ድምፅ የሚያሰሙት የዋዜማ ጥሪዎች ብቻ ናቸው። እሑድ ቅዳሴ እስኪፈጸም ድረስ ምንም አንለቅም።

ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 2020 ነው። የዚያ ዓመት ረድፍ አሁን ሠንጠረዡ ላይ ተጽፏል፦ ኅዳር 21፣ ረቡዕ፣ ዲሴምበር 1፤ ጥሪው ኖቬምበር 30፣ 16:00።