አንድ ትእዛዝ ስንት ግስ ያዛል? ቦዝን ከጎረቤቶቼ ጋር እንዴት እንደፈተንኩ

የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት እዚሁ ኮዬ ፈጬ ነው። ራቅ ብዬ መሄድ አላስፈለገኝም። እኛ ብሎክ ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በወላይትኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሦስቱም ቋንቋዎች ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። ብዙ ድርጊት በተከታታይ ሲተረክም ሦስቱም የፊቶቹን ግሶች ሳይቋጩ እየደረደሩ ሄደው የመጨረሻውን ብቻ ይቋጫሉ። አማርኛ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ትምህርት ቤት ቦዝ አንቀጽ ያሉን ነው፦ በልቶ፣ ሄዳ፣ ጠይቀን።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የሦስቱ ቋንቋዎች ቦዝ አንድ ነገር ነው ወይስ ስሙ ብቻ ነው አንድ የሆነው?

የቋንቋ ተመራማሪው ማርቲን ሃስፕልማት እ.ኤ.አ. በ1995 በሰጠው ትርጉም ቦዝ ማለት ዋና ሥራው የሌላ ግስ ገላጭ መሆን የሆነ፣ ራሱን ያልቻለ ግስ ነው። በዚህ ትርጉም ወደ አማርኛ ስትመጡ ወዲያው ሁለት ችግር ይገጥማችኋል። አንደኛ፣ የእኛ ቦዝ ጊዜ አያሳይም እንጂ ባለቤቱን በደንብ ያሳያል፤ በልቼ፣ በልተሽ፣ በልታ እያለ ይለዋወጣል። ታዲያ ራሱን አልቻለም የምንለው በምን ልኬት ነው? ሁለተኛ፣ «ሮጦ መጣ» ሲባል ሮጦ አመጣጡን ይገልጻል፤ «ሄዶ ጠየቀ» ሲባል ግን ሄዶ ምንም አይገልጽም፣ ራሱን የቻለ አንድ ድርጊት ነው። ቅርጹ አንድ፣ ሥራው ሁለት።

ስለዚህ «ቦዝ ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን ትቼ በትንንሽ ፈተናዎች ለመሥራት ወሰንኩ። በጣም የረዳኝ ፈተና ትእዛዝ ነው።

ከታችኛው ፎቅ ያለች ጎረቤቴ ቡና እንዴት እንደምታፈላ እንድትነግረኝ ጠየቅኳትና ድምጿን ቀዳሁ። ስለ እህቷ እያወራች እንዲህ አለች፦ «ቡናውን አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበና ውስጥ ጨምራ አፈላች።» አምስት ድርጊት አለ። ያለፈ ጊዜ መሆኑን የሚናገረው ግን «አፈላች» ብቻ ነው። እሱን «ታፈላለች» በሉት፤ የፊቶቹ አራቱ ሳይነኩ ሁሉም የዘወትር ድርጊት ይሆናል። አሁን ደግሞ ለልጇ እንድትነግራት አደረግኩ፦ «አጥበሽ፣ ቆልተሽ፣ ወቅጠሽ፣ ጨምረሽ አፍዪ።» እዚህ የትእዛዝ መልክ ያለው «አፍዪ» ብቻ ነው። ልጅቷ ግን አምስቱንም ታዛለች። የመጨረሻው ግስ ትእዛዝ ወደ ኋላ ተጉዞ የመጀመሪያው ግስ ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

ይህን ከሌላ ጥገኛ ሐረግ ጋር ካላወዳደራችሁት ግን ብዙም አይናገርም። «ቡናውን ካጠብሽ በኋላ ቁዪ» ብትሏት ማጠቡ አልታዘዘም፤ እንደሚታጠብ የታወቀ ነገር ተደርጎ ነው የተነገረው። ልጅቷ «ኧረ ገና አላጠብኩም» ብላ ብትመልስ ትክክል ነች። «አጥበሽ ቁዪ» ተብላ «ገና አላጠብኩም» ብትል ግን እናቷ ታፈጥባታለች፣ ምክንያቱም እጠቢ ነው የተባለችው። በጥያቄም እንደዚያው ነው። «ሄዳ ጠየቀችው ወይ?» ሲባል «አይ፣ አልሄደችም» ጥሩ መልስ ነው። «ከሄደች በኋላ ጠየቀችው ወይ?» ላይ ግን ይኸው መልስ ጥያቄውን ራሱን ያፈርሰዋል። ሰንሰለት የምለው እንግዲህ ይህን ነው፦ የመጨረሻው ግስ ትእዛዝም ሆነ ጥያቄ የፊቶቹን ሲያካትት።

ለፈተናው የምትመርጡት ግስ ሊታዘዝ የሚችል መሆን አለበት። «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆነ» አማርኛ ነው፣ ባለቤቶቹ ይለያያሉ፣ ችግር የለም። ወደ ትእዛዝ ሲመጣ ግን «ውሃው ፈልቶ ቡናውን ጨምሪ» የሚል ሰው አላገኘሁም፤ ሁሉም «ሲፈላ ጨምሪ» ወይም «ይፍላና ጨምሪ» ብለው አስተካከሉልኝ። ውሃ አይታዘዝማ።

አሉታ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ብዙ ጊዜዬም የሄደው እዚያ ነው። «ሄዳ አልጠየቀችውም» ምን ማለት ነው? ሰውን «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መጀመሪያ የመጣለትን አንዱን ይነግራችሁና ያበቃል። ስለዚህ ትርጉም መጠየቅ አቆምኩና ሁኔታ መንገር ጀመርኩ። «ቤቱ ድረስ ሄዳለች፣ ግን አፍራ ዝም ብላ ተመለሰች። ሄዳ አልጠየቀችውም ቢባል እውነት ነው?» አዎ። «ከቤቷም አልወጣች። ሄዳ አልጠየቀችውም ቢባልስ?» አሁንም አዎ፣ በተለይ «እስካሁን» ሲጨመርበት። «ሄዳ» ብሎ ትንሽ ቆም ያለ ሰው የመጀመሪያውን ነው የሚፈልገው፤ ሳይተነፍስ ከተናገረው ሁለቱም ይሆናሉ። «ሮጦ አልመጣም» ላይ ደግሞ ሦስተኛ ንባብ አለ፦ መጥቷል፣ ግን ቀስ ብሎ እየተራመደ። አሉታው መምጣቱን ትቶ ሩጫውን ብቻ መታ። ገላጭ የሆነውን ሮጦ ከሰንሰለቱ ሄዶ የምለይበት ምልክት ይህ ሆነልኝ። ቦዙ ራሱ አሉታ አይቀበልም፤ ቦታውን የሚሸፍነው «ሳይበላ» ነው፣ እሱም ሌላ ቅርጽ ስለሆነ ለብቻው መዘገብኩት።

ከመቁጠር በፊት የሚጸዳ ነገርም አለ። የተቀዳ ወሬ ውስጥ ቦዝ የሚመስል ሁሉ ቦዝ አይደለም። «እኔ ጨርሶ አላውቀውም» ውስጥ ጨርሶ «እሱ» ይላል፣ ባለቤቱ ግን «እኔ» ነኝ። ስምምነቱ ከፈረሰ ቃሉ ደርቆ ተውሳከ ግስ ሆኗል፤ ከቁጥር ይወጣል። ደግሞ፣ ፈጽሞ፣ ቀድሞ ላይ ይኸው ነው መመርመሪያው። «በልቷል»ም ይወጣል፤ በልቶና አለ ተጣብቀው አንድ የተቋጨ ግስ ሆነዋል። እነዚህን ሳያወጡ «አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ቦዝ ይደረድራል» የሚል ቁጥር ቢሰጥ ምንም ዋጋ የለውም።

ወደ ኦሮምኛ ስሻገር ማስታወሻዬን በፊደል ሳይሆን በቁቤ መጻፍ ነበረብኝ። የኦሮምኛው «በላ» እና «በልቶ» በወንድ ሦስተኛ መደብ የሚለያዩት በመጨረሻው አናባቢ ርዝመት ብቻ ነው፤ አጭሩ የተቋጨ፣ ረጅሙ ቦዝ። በእኛ ፊደል ሁለቱም «ኛቴ» ተብለው ይጻፋሉና ልዩነቱ ድራሹ ይጠፋል። በጆሮም ቀላል አይደለም፤ የቃል መጨረሻ ላይ ያለ አጭር አናባቢ በፈጣን ንግግር ይደክማል። ስለዚህ አጠራጣሪ ቦታ ሲመጣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በብዙ ቁጥር ወሬ አስደገምኩ፤ «ኛታን» እና «ኛታኒ» ማንም አያምታታቸውም።

ኦሮምኛ ላይ የትእዛዝ ፈተናው ሌላ ነገር አሳየኝ። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ «ሄደህ ጠይቅ» ለሚባልበት ሁኔታ ወዲያው የሰጠችኝ «ዸቂ ጋፈዹ» ነው። እዚህ የፊተኛው ግስ ራሱ ትእዛዝ ነው፤ መጨረሻው ረዝሞ ከሚቀጥለው ጋር ይያያዛል። ስለዚህ የኋለኛው ትእዛዝ ወደ ፊተኛው ተሻግሮ ይሆን ብሎ መጠየቅ እዚህ አያስኬድም፤ የፊተኛውም የራሱን ይዟል። የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር አስተርጉሜ ቢሆን ኖሮ ይህን የማገኘው አይመስለኝም። «ወንድምሽ ዋጋ ሳያጣራ ተቀምጧል፣ ምን ትይዋለሽ?» ብዬ ነው የጠየቅኋት። በአማርኛ የተዘጋጀ ቦዝ ብትሰጧቸው ሰዎች እናንተን ላለማስቀየም ቦዝ ይመልሱላችኋል።

ወላይትኛ ደግሞ አማርኛ የማያደርገውን ያደርጋል። ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ባለቤት ያው ከሆነ ቦዙ በ«‑አዳ» ወይም በ«‑ኢዲ» ያልቃል፤ እኔ፣ አንተ፣ አንቺና እሷ ሲሆኑ የመጀመሪያው፣ ለቀሩት ሁለተኛው። ባለቤቱ የሚቀየር ከሆነ ግን «‑ኢን» ይገባል፣ እሱም ለሁሉም መደብ አንድ ነው። ዊልያም ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ለዚህ ዓይነቱ ምልክት ስም አውጥቶለታል፤ እሱ ያየው በሰሜን አሜሪካ ቋንቋዎች ነበር። ፈተናው ሁለት ወንድ ይፈልጋል። «እሱ ገብቶ ወጣ» በአማርኛ ሲባል የገባውና የወጣው አንድ ሰው ነው ብለን እንረዳለን፤ ሌላ ሰው ነው ለማለት ስም መጥራት አለብን፦ ካሳ ገብቶ ለማ ወጣ። እዚህ ሳይት ላይ የሚሠራ የወላይታ ግንበኛ ግን ስም ሳይጠራ፣ «ገባ» የሚለው ግስ ላይ «‑ኢን» እንዳስገባ አድማጩ ሌላ ሰው እንደሚመጣ ያውቃል። ወንድና ሴት አድርጌ ብፈትን ኖሮ የተቋጨው ግስ ጾታ ስለሚለይ ምልክቱ ምን እየሠራ እንደሆነ አይታይም ነበር።

ከሩቅ አገር ሁለት ቋንቋ ከሰዋስው መጻሕፍት ጨመርኩ። ቱርክኛ «ጊዲፕ ሶር» ይላል፣ ሄደህ ጠይቅ። «ጊዲፕ» መደብ የሚባል ነገር የለውም፤ ሄጄም ሄዳም ሄደንም እሱው ነው። ትእዛዙ ግን ልክ እንደ አማርኛው የፊተኛውን ያካትታል። ሄዶ የሚለው የጃፓንኛው «ኢቴ» መደብ ባለማሳየት ከቱርክኛው ጎን ይቆማል። ቦዝ መደብ ካላሳየ ትእዛዝ አይሻገርም ወይም ይሻገራል የሚል ቀጥተኛ ማያያዣ የለም ማለት ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ የሚሄዱ ነገሮች ናቸው።

የቋንቋ ተመራማሪው ባልታዛር ቢክል እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረበው አሠራር የተስማማኝም ለዚህ ነው። ቋንቋዎችን ሰንሰለታማና ገላጭ ብሎ በሁለት ሳጥን አይከትም። እያንዳንዱን አገባብ አንድ መስመር ይሰጠውና ዓምዶቹን ለየብቻ ይሞላል፦ ትእዛዝና ጥያቄ ይሻገራል ወይ፣ ጊዜ ይሻገራል ወይ፣ አሉታ የትኛውን ይመታል፣ እያለ። ከዚያ የትኞቹ መስመሮች እንደሚቀራረቡ የሚታየው ከተሞላ በኋላ ነው። እኔም ለአማርኛ ቦዝ አንድ መስመር አልበቃኝምና ሁለት ሰጠሁት፤ አንዱ ለሄዶ፣ አንዱ ለሮጦ። የአማርኛው ሄዶ ከቱርክኛው ጊዲፕ ጋር የሚጋራቸው መልሶች ከገዛ ወንድሙ ከሮጦ ጋር ከሚጋራቸው በዙ። የወላይትኛው «‑ኢን» የትእዛዝ ዓምድ ገና ባዶ ነው። የሚታዘዙ ሁለት ባለቤቶች ያሉት ሁኔታ ያስፈልገዋል፤ «እሱ ይያዝና አንተ ምታው» ዓይነት። ግንበኞቹ ሚስማር ሲመቱ እንዲህ ስለሚባባሉ የምቀዳው እዚያው ሥራ ላይ ነው።