ፍሪጁ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት

ሲያትል፣ ጠዋት 7:40። ቢሮ ከመግባቴ በፊት ሦስተኛ የአክሲዮን ግዢ ልጫን ስል ባለቤቴ ፍሪጁ ላይ የለጠፍኳትን ወረቀት ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ "በቀን 40 ዶላር ከከሰርኩ ላፕቶፑ ይዘጋል።"

ሂሳቤ 4,000 ዶላር ነው። አክሲዮኑ የገበያውን የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ከፍተኛ ዋጋ ሲያልፍ 40 ፍሬ እገዛለሁ። በ50 ዶላር ከገባሁ ወይ 49.50 ላይ ኪሳራዬን እቆርጣለሁ፣ ወይ 51 ላይ ትርፌን ይዤ እወጣለሁ። አንድ ምት 20 ዶላር መሆኑ ነው። ዛሬ ሁለቴ ተመታሁ። ሁለተኛው ላይ ዋጋው ዘልሎ ስለወረደ ኪሳራው 23 ሆነ።

"ላስመልስ ብዬ አልገባም" የሚለው የወረቀቷ መስመር ሁለቴ ተሰምሮበታል። ያሰመርኩት ባለፈው ወር በአራተኛው ሙከራ የሁለት ቀን ደመወዜን ከበላሁ በኋላ ነው። እሁድ ማታ ወረቀቷን የጻፈውና ጠዋት ስክሪኑ ላይ የተተከለው ሰውዬ አይተዋወቁም።

ዘጋሁት። ማታ ሳየው አክሲዮኑ 52 ገብቷል። ተናድጃለሁ፣ አልዋሽም።