«በተጨማሪም» የበዛበትን ኤሴይ እንዴት እንዳስተካከልኩት

የሂስትሪ ኮርስ አሳይመንት ነበር። ጥያቄው «ጣሊያን አድዋ ላይ ለምን ተሸነፈች?» የሚል ነው፣ እኔም አንብቤ ኖት ይዤ ድራፍቱን ጻፍኩና ለአስተማሪያችን አሳየሁት። መረጃው ላይ ምንም አላለም፣ ጠርዙ ላይ ግን «ሁሉም እውነት ነው፣ ወዴት እየወሰድከኝ ነው ታዲያ?» ብሎ ጽፎ መለሰልኝ። መግቢያውና መደምደሚያው ደህና ነው፣ ችግሩ መሀሉ ነው፣ ስድስት ፓራግራፍ፦ የውጫሌ ውል፣ የሠራዊቱ ብዛት፣ መሳሪያው፣ የመቀሌ ከበባ፣ የጣሊያኖቹ ስንቅ፣ የካርታው ስህተት። በየመሀላቸው ደግሞ «በተጨማሪም»፣ «ከዚህም ሌላ»፣ «ሌላው ምክንያት» ምናምን።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ብዙ ሰው የሚያደርገው ማያያዣውን መቀያየር ነው፣ ግን «በተጨማሪም»ን አውጥተህ «ከዚህ ጎን ለጎን» ብትከትበት ያው ዝርዝር ነው። ዝርዝር መሆኑን ለማወቅ ሁለት ፓራግራፍ ወስደህ ቦታ ቀያይራቸው፣ ምንም ካልተበላሸ አለቀ፣ አንዱ ለሌላው ምንም እየሰራለት አይደለም ማለት ነው። የኔን ሦስተኛውን አምስተኛ፣ አምስተኛውን ሁለተኛ አድርጌ አነበብኩት፣ ምንም አልጎደለም።

ስለዚህ ላፕቶፑን ዘግቼ ወረቀት አወጣሁና ለእያንዳንዱ ፓራግራፍ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ፓራግራፉ ስለምን እንደሚያወራ አይደለም የጻፍኩት፣ ለጥያቄው የሚሰጠውን መልስ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። «ስለ ስንቅ» ማለት ርዕስ ነው፣ «ስንቅ ስላለቀበት የጣሊያኑ አዛዥ ባራቲየሪ መጠበቅ አልቻለም» ማለት ግን መልስ ነው። እዚህ ላይ ውጫሌ ወደቀ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ጦርነቱ ለምን እንደተነሳ ይናገራል እንጂ ጣሊያን ለምን እንደተሸነፈች አንዲት ቃል አይናገርም። ከሁሉም ረጅሙና የለፋሁበት ፓራግራፍ እሱ ነበር፣ መግቢያው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ቀረ። ያማል ግን ይቆረጣል።

ቀጥሎ በቀሩት ዓረፍተ ነገሮች መሀል «ስለዚህ» ወይም «ግን» እየከተትኩ ሞከርኩ። «ደግሞ» ብቻ የሚገባበት ቦታ ሁሉ ክሩ የተበጠሰበት ቦታ ነው። ይሄን ስሰራ አንድ ነገር ወለል ብሎ ታየኝ፣ ድራፍቱ ላይ ሁለተኛ ያደረግኩት የሠራዊት ብዛት ለካ ቦታው መጨረሻ ነው። ብዛት ብቻውን ምንም አያስረዳም፣ ያ ሁሉ ሰው ይበላል፣ ምኒልክም ጋር ስንቁ እያለቀ ነበር፣ ጣሊያኖቹ ምሽጋቸው ውስጥ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ብዛቱ ራሱ ሸክም ይሆን ነበር። ታዲያ ብዛቱ እንዴት ጠቀመ? ጣሊያኖቹ ከምሽግ ስለወጡ፣ ወጥተውም ስለተበታተኑ። ክርክሩ ይሄው ነው እንግዲህ፦ ሁለቱም ወገን እየተራበ ነበር፣ መጀመሪያ ትዕግስቱ ያለቀው ጣሊያን ነው፣ በሌሊት ሲወጣ ተበታተነ፣ ከተበታተነ በኋላ ነው ብዛት የሠራው። አሁን ፓራግራፎቹን ቦታ ብትቀያይራቸው ነገሩ ይፈርሳል፣ መፍረሱም ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚያ ወደ ፓራግራፉ ውስጥ ገባሁ፣ ምክንያቱም እዚያም መቆራረጡ ነበር። የስንቁ ፓራግራፍ እንዲህ ይል ነበር፦

«ባራቲየሪ የጣሊያን ጦር አዛዥ ነበር። ስንቅ አጥሮት ነበር። ክሪስፒ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ቴሌግራም ላከ። ጄኔራሎቹ መዋጋት ፈለጉ። ጦሩ በሌሊት ተንቀሳቀሰ።»

ሰውየው ባራቲየሪ፣ ቀጥሎ ክሪስፒ፣ ቀጥሎ ጄኔራሎቹ፣ ቀጥሎ ጦሩ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አዲስ ባለቤት ይዞ ከዜሮ ይጀምራል፣ አንባቢው በየነጥቡ እንደ አዲስ ይነሳል። ያስተካከልኩት አንዱ ዓረፍተ ነገር ያለቀበትን ነገር ቀጣዩ እንዲጀምርበት በማድረግ ነው፦

«ባራቲየሪ ሳውርያ ላይ መሽጎ ምኒልክ መጥተው እንዲያጠቁት ይጠብቅ ነበር። መጠበቅ ግን ስንቅ ይፈልጋል፣ የእሱ ስንቅ ደግሞ ከጥቂት ቀን በላይ የሚያቆየው አልነበረም። ወደኋላ ለማፈግፈግ ቢያስብም ከሮም የክሪስፒ ቴሌግራም ያጣድፈው ነበር፣ የሰበሰባቸው ጄኔራሎችም እንዋጋ አሉት። በዚህ ሁሉ ተገፍቶ ነው የካቲት 22 ሌሊት ጦሩን ከምሽጉ ያወጣው።»

መረጃው ከሞላ ጎደል ያው ነው፣ «ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር» የሚለው ብቻ ወደ መግቢያ ሄደ። ማያያዣ ቃልም ብዙ አልጨመርኩም፣ «ግን» እና «ደግሞ» ናቸው፣ ሥራውን የሠራው «መጠበቅ» የሚለው ነው፣ ከአንዱ ዓረፍተ ነገር ወደ ሌላው የተሸጋገረው። አማርኛ ላይ አንድ አደጋ አለ፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ሆኖ»፣ «ብሎ»፣ «ስለነበር» እያልክ ስትቀጥል ዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ገጽ ይሄድና ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋል። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ትንፋሽ ካጠረኝ እዚያ ጋ አራት ነጥብ።

ከፓራግራፍ ወደ ፓራግራፍም ዘዴው ተመሳሳይ ነው። የካርታው ፓራግራፍ «ይህም ችግር ፈጠረ» ብሎ ይጀምር ነበር፣ የቱ? ባዶ «ይህ» አያገናኝም። «ይህ በጨለማ የተደረገ ጉዞ» ብዬ ስተካው ያለፈውን ፓራግራፍ በእጁ ይዞ ገባ፣ ከዚያ ጄኔራል አልቤርቶኔ ካርታው ላይ እንዳ ኪዳነ ምህረት የሚለውን ኮረብታ ተሳስቶ ከሌሎቹ ርቆ ወደፊት መሄዱን፣ ጄኔራል ዳቦርሚዳም በሌላ አቅጣጫ መራቁን መናገር ቀላል ሆነ፣ ብርጌዶቹ መደጋገፍ ማይችሉበት ርቀት ላይ ነው የተገኙት። እዚህ ጋ ሲደረስ አንባቢው ራሱ «እንግዲህ አንድ በአንድ ተመቱ» ብሎ ይጠብቃል፣ የብዛቱ ፓራግራፍም ይመጣለታል።

የመቀሌው ግን አስቸገረኝ። በ«ስለዚህ» ላያይዘው ስል ውሸት ሆነ። «መቀሌ ተለቀቀ፣ ስለዚህ ባራቲየሪ ስንቅ አጠረው» የሚል ማስረጃ የለኝም፣ አስተማሪው አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ አፌን ይዘጋው ነበር። «ስለዚህ» ስትል ምክንያት ነው ብለህ እየማልክ ነው፣ «በተጨማሪም» የሚመቸውም ምንም ስለማያስምል ነው። መቀሌ ላይ የሆነው ግን ጣሊያኖቹ ውሃ ተይዞባቸው ምሽጉ በጥማት መለቀቁ ነው፣ ያም ከአድዋ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ። ስለዚህ እንደ ምክንያት ትቼው እንደ ምሳሌ አስገባሁት፣ ከስንቁ ፓራግራፍ በፊት፦ «ጊዜ እንደ ጥይት እንደሚገድል ጣሊያኖቹ መቀሌ ላይ አይተውታል» ብሎ ይጀምራል።

መሳሪያው ቀረኝ። ለብቻው ፓራግራፍ ሲሆን እንደገና ዝርዝር ይመስላል፣ ብተወው ደግሞ አንባቢ «የተበታተነ ጦር በጦርና በጎራዴ ብቻ ይሸነፋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም የምኒልክ ሠራዊት ብዙ ጠመንጃና መድፍ እንደነበረው ነው። ስለዚህ የብዛቱ ፓራግራፍ ውስጥ በ«ግን» አስገባሁት፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ስድስት የነበሩት ፓራግራፎች አራት ሆኑ፣ ገጹም በግማሽ ያህል አጠረ፣ የገጽ ብዛት ስለተጠየቅን ቀሪውን ቦታ በአልቤርቶኔና በዳቦርሚዳ መሀል ስለነበረው ርቀት በመጻፍ ሞላሁት።